ፕሮግራም አልቀበል ያለ ቦርድ፦ ከኬብሉ እስከ ቡት ፒኖቹ ደረጃ በደረጃ

አፕሎድ የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ታች በኩል ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይሄዳል ይሄዳል፣ ከዛ ቀይ ጽሁፍ ይወጣና ያበቃል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ወይ ቦርዱ ተቃጠለ ብሎ ያስቀምጠዋል ወይ ደግሞ አርዱዊኖ አይዲኢውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ይጀምራል፤ በኔ ልምድ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ከችግሩ ጋር አይገናኙም። ችግሩ ያለው ከኮምፒውተሩ ተነስቶ ቺፑ ጋ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ አንዱ ቦታ ነው፣ ስለዚህ መንገዱን ከጫፍ ጀምሮ ሳይዘሉ መሄድ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ኢኤስፒ32 ነው፣ ያ 30 ወይም 38 ፒን ያለው፣ ዩኤስቢ መሰኪያና ሁለት ትንንሽ በተኖች ያሉት ቦርድ። ጀማሪ የሚያስቸግረው በብዛት እሱ ስለሆነ ነው። አንድ ነገር ከመጀመሪያው እወቁ፦ ቺፑ ውስጥ ፋብሪካ ላይ የተቀረጸ፣ እናንተ የጻፋችሁት ኮድ ሊያጠፋው የማይችል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ቡትሎደር ይባላል። አዲስ ፕሮግራም በኬብል ሲላክ የሚቀበለው እሱ ነው። ስለዚህ መጥፎ ኮድ ጭናችሁ ቦርዱን "ልትገድሉት" አትችሉም፣ ያ ቡትሎደር ሁሌም እዛው አለ፤ ጥያቄው እንዴት እናናግረው ነው።

መጀመሪያ ቀዩን ጽሁፍ አንብቡት

ስክሪኑ ላይ `Connecting` የሚል ቃል ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ካልወጣ፣ ጽሁፉ ውስጥ የፋይላችሁ ስምና የመስመር ቁጥር ካለ፣ `Compilation error` የሚልም ካለ፣ ጉዳዩ የኮድ ስህተት ነው፣ ቦርዱን አትንኩት። `Connecting` ብሎ ነጥብ መደርደር ከጀመረ ግን ኮዱ ተሰርቶ አልቋል፣ መላኩ ነው ያቃተው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዛ ነው። እና እባካችሁ ቀዩን ጽሁፍ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ አንድ ቦታ አስቀምጡት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ኬብሉ

ቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ ማለት ኬብሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ዩኤስቢ ኬብል ውስጥ ሁለት ገመድ ለኤሌክትሪክ፣ ሁለት ደግሞ ለዳታ ነው፤ ለቻርጅ ብቻ ተብለው የሚሰሩ ኬብሎች የዳታዎቹን ሁለት ጭራሽ የላቸውም። ከጆሮ ማዳመጫ ወይም ከትንሽ መብራት ጋር የመጣ ኬብል ካላችሁ እሱን ቀድማችሁ ጠርጥሩት። መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም ነገር እንደተሰካ አያውቅም።

ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ኬብሉን ስልክ ላይ ሰክቶ ኮምፒውተሩ የስልኩን ፋይሎች ማሳየት መቻሉን ማየት ነው። ካሳየ የዳታ ገመድ አለው። ካላሳየ (ስልኩ ላይ ፋይል ትራንስፈር የሚለውን መምረጣችሁን እያያችሁ) ኬብሉን ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ነገ መልሳችሁ እንዳታነሱት። ኬብሉ ደህና ከሆነ ደግሞ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት፣ ሀብ በኩል አይሁን፣ ቢያንስ ችግሩ እስኪገኝ ድረስ።

ቦርዳችሁ ዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ካለውና ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ኬብል ስትሰኩት መብራቱ እንኳን የማይበራ ከሆነ አትደንግጡ። አንዳንድ ርካሽ ቦርዶች ላይ ለሲ የሚያስፈልጉት ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ስለማይገጠሙ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ አይሰጣቸውም። አንዱ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ የሆነ ኬብል ስትጠቀሙ ይሰራል።

ፖርቱና ድራይቨሩ

ዊንዶውስ ላይ `Device Manager` ክፈቱና `Ports (COM & LPT)` የሚለውን ዘርግታችሁ እያያችሁ ቦርዱን ንቀሉት፣ መልሳችሁ ሰኩት። የሚጠፋና የሚመጣ መስመር ካለ የናንተ እሱ ነው፣ ቁጥሩን ያዙ። አብዛኛው ጊዜ ከነዚህ አንዱን ይመስላል፦

```
Silicon Labs CP210x USB to UART Bridge (COM5)
USB-SERIAL CH340 (COM5)
```

ይሄ ስም የኢኤስፒ32 ስም አይደለም። ቦርዱ ላይ ከዩኤስቢው አጠገብ ያለችው ትንሽዬ ጥቁር ቺፕ ስም ነው፣ ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የምትቀይረው። ድራይቨር የሚያስፈልገውም ለሷ ነው። መስመሩ ከመምጣት ይልቅ ቢጫ ምልክት ያለው ያልታወቀ ዕቃ ከመጣ ኬብሉ ደህና ነው፣ የጎደለው ድራይቨር ነው፤ ቺፗ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ የሷን ድራይቨር ከአምራቹ አውርዱ። ስትነቅሉና ስትሰኩ ምንም የማይለወጥ ከሆነ ግን ድራይቨር አትጫኑ፣ ወደ ኬብሉ ተመለሱ።

ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩ ከሲስተሙ ጋር ስለሚመጣ ችግሩ ሌላ ነው፣ ፈቃድ። ፖርቱ `/dev/ttyUSB0` ብሎ ይታያል ግን `Permission denied` ይላችኋል። ኡቡንቱና መሰሎቹ ላይ ይቺን ጽፋችሁ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ግቡ፣ ሳትወጡ አይሰራም፦

```
sudo usermod -a -G dialout $USER
```

CH340 ያለው ቦርድ ይዛችሁ ደግሞ ፖርቱ ብቅ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ `sudo dmesg | tail` ብላችሁ እዩ። `brltty` የሚል ስም ካያችሁ እሱ ነው የወሰደባችሁ፤ ለዓይነ ስውራን የብሬል ስክሪን የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው፣ ቦርዳችሁን የብሬል ዕቃ መስሎት ይይዘዋል። በዛ ኮምፒውተር የብሬል ስክሪን የሚጠቀም ሰው ከሌለ ብቻ በ`sudo apt remove brltty` አውጡት።

ፖርቱ ከተገኘ በኋላ አይዲኢው ላይ `Tools` ውስጥ ገብታችሁ `Port` ላይ ያንኑ ቁጥር ምረጡ። `Board` ላይ ደግሞ ለተራው ኢኤስፒ32 `ESP32 Dev Module` በቂ ነው። ፖርቱ እያለ `Access is denied` ካላችሁ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፣ ሌላ መስኮት ላይ የተከፈተ ሲሪያል ሞኒተር ወይም 3ዲ ፕሪንተር የሚያናግር ሶፍትዌር፤ አንድ ፖርት በአንድ ጊዜ የአንድ ፕሮግራም ነው።

ሁሉንም ነገር ከቦርዱ ንቀሉ

ይሄን ሰው አይወደውም ምክንያቱም ገመዶቹን መልሶ ማያያዝ አለ። ግን ፎቶ አንሱትና ሰንሰሩንም ሪሌዩንም ስክሪኑንም ንቀሉ፣ ከብሬድቦርዱም አውጡት፣ ቦርዱ በኬብሉ ብቻ ይንጠልጠል። ከዛ አፕሎድ ሞክሩ። ከሰራ ቦርዱም ኬብሉም ድራይቨሩም ነጻ ወጡ፣ ተጠያቂው ከነቀላችሁት አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እንዴት እንደሚገኝ ታች አሳያችኋለሁ። ካልሰራ ደግሞ ሃያ ገመድ መሀል ከመፈለግ ተገላገላችሁ።

ቡት የሚለው በተን ምን እንደሚሰራ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ኢኤስፒ32 ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ወይም ሪሴት ሲደረግ በዛችው ቅጽበት ጥቂት ፒኖቹን ያያል፣ ቡት ፒን የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከነሱ ትልቁ ጂፒአይኦ 0 ነው። በቅጽበቷ 3.3 ቮልት ካለበት "ፍላሽ ላይ ያለውን ፕሮግራም አስነሳ" ማለት ነው። ከግራውንድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ "ቁጭ በል፣ አዲስ ፕሮግራም ጠብቅ" ማለት ነው። ቡት የሚለው በተን ምንም ሚስጥር የለውም፣ ስትጫኑት ጂፒአይኦ 0ን ከግራውንድ ያገናኛል፣ በቃ። ኢኤን የሚለው ደግሞ ሪሴት ነው።

ቅጽበቷ ወሳኝ ናት። ቡትን ብቻ ብትጫኑ ቺፑ ዞር ብሎም አያይም፣ ምክንያቱም ፒኑን ያየው ሲነሳ ነው፣ ከዛ በኋላ ጂፒአይኦ 0 እንደማንኛውም ፒን ነው። ስለዚህ በእጅ የሚሰራው እንዲህ ነው፦ ቡትን ተጭናችሁ ያዙ፣ ቡትን ሳትለቁ ኢኤንን አንዴ ተጭናችሁ ልቀቁ፣ ከዛ ቡትን ልቀቁ። አሁን ቺፑ እየጠበቀ ነው፣ አፕሎድ በሉ። ወይም አፕሎድ ብላችሁ ነጥቦቹ መውጣት ሲጀምሩ ቡትን ተጭናችሁ መያዝ ነው፣ ፕሮግራሙ ራሱ በየተራው ሪሴት ስለሚያደርገው አንዱ ላይ ይይዛል።

ጤነኛ ቦርድ ላይ ይሄ ሁሉ በራሱ ነው የሚሆነው፣ ዩኤስቢ ቺፗ በሁለት ትራንዚስተሮች በኩል ኢኤንንም ጂፒአይኦ 0ንም ትቆጣጠራለች። አንዳንድ ቦርድ ላይ ግን ኢኤን ቶሎ ይነሳና ጂፒአይኦ 0 ግራውንድ ሳይደርስ ቅጽበቷ ታልፋለች። በእጅ ሁሌ የሚሰራ በራሱ ግን የማይሰራ ቦርድ ካላችሁ ይሄ ነው ችግሩ፤ ከ1 እስከ 10 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ፖዘቲቩን ኢኤን ላይ ኔጌቲቩን ግራውንድ ላይ አድርጋችሁ ብታስገቡ ኢኤን ትንሽ ዘግይቶ ይነሳል፣ ከዛ በኋላ በተኑን መንካት አያስፈልጋችሁም።

አሁን ያስቀመጣችሁትን ቀይ ጽሁፍ አውጡ። ከሚከተሉት አንዱን ይመስላል (እንደ ሶፍትዌሩ ቨርዥን ቃሉ ትንሽ ሊለያይ ይችላል)፦

```
Failed to connect to ESP32: Wrong boot mode detected (0x13)!
Failed to connect to ESP32: No serial data received.
```

የመጀመሪያው ካላችሁ ደስ ይበላችሁ እኮ። ኮምፒውተሩ ቁጥሯን 0x13 ያገኛት ቺፑ ራሱ ሲነሳ ተናግሮ ነው፣ ስለዚህ ኬብሉ ደህና፣ ድራይቨሩ ደህና፣ ፖርቱ ትክክል፣ ቺፑም በህይወት አለ። ጂፒአይኦ 0 ብቻ ነው በቅጽበቷ ግራውንድ ያላገኘው፣ በበተኑ በእጅ አድርጉት።

ሁለተኛው ካላችሁ ከዛ ወገን ድምጽ የሚባል አልተሰማም። የተመረጠው ፖርት የሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ። ትክክል ከሆነ ችግሩ ከኢኤስፒ32 ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚለውን በአንድ ገመድ መለየት ይቻላል። ኢኤንን በጃምፐር ከግራውንድ ጋር አገናኙ፣ ቺፑ ዝም እንዲል። በሌላ ጃምፐር ቲኤክስና አርኤክስ የሚሉትን ሁለት ፒኖች እርስ በርሳቸው አገናኙ። ሲሪያል ሞኒተር ከፍታችሁ አንድ ቃል ጽፋችሁ ላኩ። የጻፋችሁት ተመልሶ ከመጣ ኬብሉ፣ ድራይቨሩና ዩኤስቢ ቺፗ ሁሉም ይሰራሉ፣ ችግሩ ኢኤስፒ32ው ወይም ኤሌክትሪኩ ጋ ነው። ካልተመለሰ ከኬብሉ እስከ ዩኤስቢ ቺፗ ባለው ውስጥ ነው፣ ቡት በተኑን ስትጫኑ ብትውሉ ለውጥ የለውም።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ `The serial TX path seems to be down` የሚል። ቺፑ እየጠበቀ እንደሆነ ይሰማል ግን እኛ የምንልከው አይደርሰውም። እኔ ያየሁት አርኤክስ የሚለው ፒን ላይ፣ ማለትም ጂፒአይኦ 3 ላይ፣ ጂፒኤስ ሞጁል ተሰክቶ ነው፤ ኮምፒውተሩም ጂፒኤሱም አንድ ገመድ ላይ ሲያወሩ ማንም አይሰማም። ጂፒአይኦ 1ና 3ን ለኮምፒውተሩ ተዉለት።

ተገናኝቶ `Changing baud rate to 921600` ካለ በኋላ ከተቋረጠ ደግሞ ቡት ፒንም ምንም አይደለም፣ `Tools` ውስጥ `Upload Speed` የሚለውን ወደ `115200` አውርዱት። ረጅም ኬብል ላይ ይሄ ብቻውን ይፈታዋል።

ቁጥሯን ማንበብ፣ ከአንድ እውነተኛ ችግር ጋር

አንድ ጓደኛዬ የሙቀት መጠን እየለካ ኤስዲ ካርድ ላይ የሚጽፍ ነገር እየሰራ ነበር። ቦርዱ ለሁለት ሳምንት በደንብ ሲሰራ ቆይቶ የካርድ ሞጁሉን የጨመረ ቀን አፕሎድ አልቀበልም አለ። ኬብል ቀየረ፣ ቡትን ተጫነ፣ ምንም። የሚገርመው ግን ግንኙነቱ ይሰራል፣ የቺፑን ዓይነት እንኳን በትክክል ያነባል፣ መጻፍ ሲጀምር ነው `Failed to communicate with the flash chip` የሚለው። ሁሉንም ነቅሎ ሲሞክር ይጫናል፣ ሞጁሉን መልሶ ሲሰካው ደግሞ የተጫነው ፕሮግራም አይነሳም። ሲሪያል ሞኒተሩን በ115200 ከፍተን ኢኤንን ስንጫን ይሄ እየተደጋገመ ይወርዳል፦

```
rst:0x10 (RTCWDT_RTC_RESET),boot:0x33 (SPI_FAST_FLASH_BOOT)
flash read err, 1000
```

መልሱ እዛች `boot:` ከሚለው ቀጥሎ ያለችው ቁጥር ውስጥ ነው። ቺፑ በቅጽበቷ ፒኖቹ ላይ ያየውን እየደመረ ነው የሚጽፋት፣ እያንዳንዱ ፒን የራሱ ዋጋ አለው፣ ቮልት ካለበት ይደመራል። ጂፒአይኦ 0 ዋጋው 0x10 ነው፣ ጂፒአይኦ 2 ደግሞ 0x08፣ ጂፒአይኦ 12 ደግሞ 0x20። ጂፒአይኦ 15ና 5 0x02ና 0x01 ናቸው። ምንም ያልተሰካበት ቦርድ ሲነሳ 0x13 ነው የሚለው፣ የ0፣ የ15ና የ5 ድምር፣ ማለት ጤነኛ። ፕሮግራም ሊቀበል ሲዘጋጅ የ0ው ዋጋ ይጠፋና 0x3 ይሆናል።

እሱ ጋ የወጣው 0x33 ነው። ከ0x13 የሚበልጠው በ0x20 ነው፣ ስለዚህ ጂፒአይኦ 12 ላይ መኖር የሌለበት ቮልት አለ። ገመዱን ስናይ የካርድ ሞጁሉ ዳታ የሚመልስበት ሚሶ የሚባለው ፒን የተሰካው እዛው 12 ላይ ነው። ሞጁሉ ላይ ደግሞ ሚሶን ወደ 3.3 ቮልት የሚስብ 10 ኪሎ ኦም ፑል አፕ ሬዚስተር አለ። ቺፑ ራሱ ውስጥ 12ን ወደ ግራውንድ የሚስብ ሬዚስተር አለው፣ ግን ወደ 45 ኪሎ ኦም ስለሆነ ደካማ ነው፣ በ10ሩ ይሸነፋል። ኢኤንን ይዘን በመልቲሜትር ስንለካው ወደ 2.7 ቮልት አካባቢ ነበር፣ ለቺፑ ይሄ "አለ" ነው።

እና ጂፒአይኦ 12 ምን ስለሆነ ነው ይሄን ያህል የሚያበላሸው? ለፍላሽ ሜሞሪው የሚሰጠውን ቮልት የሚወስን ፒን ስለሆነ ነው። ቮልት ከሌለበት ፍላሹ 3.3 ይሰጠዋል፣ ካለበት 1.8። እነዚህ ቦርዶች ላይ በብዛት ያለው ፍላሽ 3.3 የሚፈልግ ነው፣ በ1.8 አይነበብም አይጻፍም። ለዛ ነው ቺፑን ማናገር ተችሎ ፍላሹ ላይ መጻፍ ያልተቻለው። ካርዱ ወይ ኮዱ ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም።

መፍትሄው ሚሶን ወደ ሌላ ፒን መውሰድ ነው። ኢኤስፒ32 ላይ ይሄን ኮድ ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ 19 ቁጥርን መረጥን፣ ቡት ፒን ስላልሆነ። ቅደም ተከተሉ ክሎክ፣ ሚሶ፣ ሞሲ፣ ሲኤስ ነው፦

```cpp
SPI.begin(14, 19, 13, 15);
SD.begin(15);
```

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የፍላሹን ቮልት በ`espefuse.py` ለዘላለም 3.3 ላይ መቆለፍ ይቻላል የሚል ታገኛላችሁ። ይሰራል፣ ግን ቺፑ ውስጥ ፊውዝ ማቃጠል ነው፣ ተሳስታችሁ ሌላ ዋጋ ብትሰጡት መመለሻ የለውም። አንድ ገመድ ማንቀሳቀስ እየቻላችሁ ወደዛ አትሂዱ።

በዚሁ ስሌት ሌሎቹንም ታገኛላችሁ። ቡትን ተጭናችሁ አፕሎድ ስታደርጉ የስህተቷ ቁጥር 0xb ከሆነች፣ b በዚህ አጻጻፍ 11 ማለት ስለሆነ፣ ከ0x3 ላይ 0x08 ተጨምሯል፣ ጂፒአይኦ 2 ላይ ቮልት አለ ማለት ነው፤ ፕሮግራም ለመቀበል 0 ግራውንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ 2ም ወይ ባዶ ወይ ግራውንድ መሆን አለበት። ኤልኢዲ ከ3.3 ወደ ጂፒአይኦ 2 ያገናኘ ሰው ላይ ይሄ ይደርሳል፤ ኤልኢዲውን ገልብጦ ከፒኑ ወደ ግራውንድ ማድረግ ይበቃል። በተን ባትጫኑም ሁሌ ፕሮግራም እየጠበቀ የሚቀር ቦርድ ደግሞ ጂፒአይኦ 0 ላይ ወደ ግራውንድ የሚስብ ነገር ተሰክቶበታል።

እነዚህ የፒን ቁጥሮችና ዋጋዎች ለተራው ኢኤስፒ32 ናቸው። ኢኤስፒ32 ሲ3 በሚባለው ላይ ቡት በተኑ ያለው ጂፒአይኦ 9 ላይ ነው። ኤስቲኤም32 ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ቡት 0 የሚለው ፒን ፕሮግራም የሚቀበለው ግራውንድ ሳይሆን 3.3 ሲያገኝ ነው፤ ጃምፐሩን ወደ 1 አድርጋችሁ ሪሴት፣ ከጫናችሁ በኋላ መልሳችሁ ወደ 0 አድርጋችሁ እንደገና ሪሴት።

ጓደኛዬ ሚሶን ወደ 19 አዛውሮ፣ ሞጁሉ እንደተሰካ፣ ካርዱም ውስጡ እያለ አፕሎድ አደረገ። ቡትን አልነካም። ተጭኖ አልቆ ሞኒተሩን ሲከፍት የመጀመሪያዋ መስመር ላይ `boot:0x13` ተጽፏል፣ ከስሯ የሙቀት ቁጥሮቹ መውረድ ጀመሩ።